የአናሊቲካል ሚዛን የየዕለት ማረጋገጫ፦ `CAL` ከመጫናችሁ በፊት የሚሠራው ሥራ

በየላቦራቶሪው የሚዛን መዝገብ ስገልጥ ደጋግሜ የማገኘው ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ቴክኒሻኑ ጠዋት ይገባል፣ ሚዛኑን ያበራል፣ `CAL` ይጫናል። ሚዛኑ ራሱን ካስተካከለ በኋላ ክብደቱን ያስቀምጥና 200.0002 ብሎ ይጽፋል። መዝገቡ ወሩን ሙሉ ያማረ ነው። ነገር ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ የተመዘነው ናሙና ልክ ይሁን አይሁን ያ መዝገብ አይናገርም። ሚዛኑ ይዞት ያደረውን ስህተት ማንም ሳያየው `CAL` አጥፍቶታል።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ትእዛዝ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሚዛኑን ባደረበት ሁኔታ መዝኑበት፤ ያነበበውን ጻፉ፤ ማስተካከል ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀሪው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

መመሪያው እስከ 220 ግራም ለሚይዝና 0.1 ሚሊግራም ድረስ ለሚያነብ፣ ማለትም ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ለሚያሳይ ሚዛን የተጻፈ ነው። የእናንተ ሚዛን ከዚህ ቢለይ ደረጃዎቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው።

## ሦስቱን ቃላት አትቀላቅሉ

ማረጋገጥ ማለት የታወቀ ክብደት አስቀምጦ የሚዛኑን ንባብ ማየት ነው። ሚዛኑ ላይ ምንም አይለወጥም። በየቀኑ የምትሠሩት ይህን ነው።

ማስተካከል ማለት `CAL` ወይም በአንዳንድ ሚዛን `ADJ` የሚለውን ተጭኖ ሚዛኑ ንባቡን እንዲያርም ማድረግ ነው። ሚዛኑ ከዚህ በፊት የነበረው ሆኖ አይቀጥልም።

ካሊብሬሽን ሥልጣን ያለው የሥነ ልክ ባለሙያ መጥቶ የሚሠራው፣ ሰርተፊኬት የሚሰጥበት ሥራ ነው። ቁልፉ ላይ `CAL` ተብሎ መጻፉ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ቁልፉን መጫን ካሊብሬሽን አይደለም።

## ዝግጅት

### ክብደቶቹ

ሁለት ክብደት ያስፈልጋችኋል፤ አንድ ባለ 200 ግራም እና አንድ ባለ 1 ግራም። ሁለቱም ኤፍ1 ወይም ኢ2 ደረጃ ይሁኑ። ባለ 200 ግራም ክብደት በኤፍ1 ደረጃ እስከ 1.0 ሚሊግራም፣ በኢ2 ደረጃ ደግሞ እስከ 0.3 ሚሊግራም ሊሳሳት ይፈቀድለታል። ኤፍ1 ከሆነ እንግዲህ «200 ግራም» የሚለውን ስሙን ይዛችሁ መሥራት አትችሉም፤ ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈውን ትክክለኛ ዋጋ ውሰዱ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ሚዛኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ሰርተፊኬቱ ሲታደስ ወረቀቱም ይለወጥ። አሮጌው ወረቀት ሳይነሳ ቀርቶ ወራት ሙሉ በአሮጌ ቁጥር ሲሰላ አይቻለሁ።

ክብደቶቹን ከነሣጥናቸው ሚዛኑ ያለበት ክፍል ውስጥ አሳድሯቸው። ከሌላ ክፍል ካመጣችኋቸው ቢያንስ አንድ ሰዓት ሚዛኑ አጠገብ ይቆዩ። የደሴ የጠዋት ብርድ ቀልድ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ያደረ ብረትና ሰው የገባበት ክፍል ሙቀታቸው አንድ አይደለም።

### ለምን 200 ግራም?

«1 ግራም ብቻ ብናስቀምጥ አይበቃም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየሥልጠናው ይነሳል። አይበቃም። ምክንያቱን ከሠፈራችን በሚወሰድ ምሳሌ ላሳይ።

እነዚህ ሚዛኖች ክብደትን የሚያውቁት በስበት ኃይል ነው፤ ምድር ዕቃውን ወደ ታች ስትስብ ሚዛኑ ያንን ለመመከት የሚያወጣውን ኃይል ይለካል። ወደ ላይ በወጣን መጠን ስበቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ኮምቦልቻ ላይ ተስተካክሎ 200.0000 ያነብ የነበረ ሚዛን መኪና ላይ ተጭኖ ደሴ ቢገባና ሳይስተካከል ቢሠራበት፣ ያንኑ 200 ግራም ክብደት ከ25 እስከ 40 ሚሊግራም አሳንሶ ያነበዋል። 199.97 አካባቢ ማለት ነው። ይህን ማንም ሳያየው አያልፍም።

ያው ሚዛን ላይ 1 ግራሙን ብታስቀምጡስ? ልዩነቱ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊግራም ነው፤ የመጨረሻው አኃዝ በአንድ ወይም በሁለት ይለወጣል። ይህ በማንኛውም ጠዋት የሚታይ መወዛወዝ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሚዛኑ ኮምቦልቻን ሳይረሳ ደሴ ላይ ይሠራል፤ መዝገቡ ደግሞ «ትክክል» ይላል።

ስለዚህ የሚዛኑ ስሜት፣ ማለትም ለተጫነበት ክብደት የሚሰጠው ምላሽ፣ ተለውጦ እንደሆነ የሚናገረው ትልቁ ክብደት ነው። ትንሹ ሌላ ሥራ አለው፤ ከዜሮ አጠገብ ያለውን ችግር፣ ማለትም ሳህኑ ሥር የገባ ብናኝንና መነካካትን ያሳያል።

### ገደቡ

ሚዛኑ ከመታየቱ በፊት ገደቡ ተጽፎ ይቀመጥ። ንባቡን አይቶ ገደብ ማውጣት ለራስ መፍረድ ነው። እኔ የምሠራበት ይህ ነው፦

* ለ200 ግራም፣ ልዩነቱ ከ1.0 ሚሊግራም ካለፈ ማስጠንቀቂያ፤ ከ2.0 ሚሊግራም ካለፈ ሥራ ማቆሚያ።
* ለ1 ግራም፣ ከ0.3 ሚሊግራም ካለፈ ሥራ ማቆሚያ።

የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ለትክክለኛነት የሚጠይቀው 0.10 በመቶ ነው፤ ለ200 ግራም ሲሰላ 200 ሚሊግራም ይመጣል። «ታዲያ 2 ሚሊግራም ለምን?» ትሉ ይሆናል። አንድ አናሊቲካል ሚዛን 200 ሚሊግራም እስኪሳሳት ከተጠበቀ ቀድሞ ተበላሽቷል። የየዕለቱ ገደብ የተቀመጠው ለውጡን ገና በትንሹ ለመያዝ ነው።

### ሌላው ዕቃ

ጫፉ ፕላስቲክ የለበሰ መቆንጠጫ ወይም የክብደቱ የራሱ ሹካ፣ የማይበን ጓንት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የማይበን ጨርቅ፣ 70 በመቶ ኢታኖል፣ የክፍል ቴርሞሜትርና የእርጥበት መለኪያ፣ መዝገብ፣ እስክሪብቶ። እርሳስ አይሆንም።

## ደረጃ 1፦ የመብራቱን ታሪክ እወቁ

ከሁሉ በፊት ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንደነበር አጣሩ። ጥበቃውን ጠይቁ፤ ወይም ግድግዳ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሰዓት ብልጭ ድርግም እያለ እንደሆነ ተመልከቱ። ሚዛኑ ከኤሌክትሪክ ተለይቶ ከነበረ መብራቱ ከመጣ ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሰዓት መሞቅ አለበት፤ የሚዛናችሁ መጽሐፍ ከዚህ የበለጠ ካለ የመጽሐፉን ተከተሉ።

ማታ ስትወጡ ሶኬቱን አትንቀሉ። ማሳያውን ብቻ አጥፉት፤ ውስጡ እንደሞቀ ይደር። ዩፒኤስ ካላችሁ ከኮምፒውተሩ ቀድሞ ለሚዛኑ ይሰጥ።

## ደረጃ 2፦ ክፍሉን እዩ

የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት ጻፉ። መስኮት ዝጉ። በብርድ ወራት እግር ሥር የሚቀመጠውን የኤሌክትሪክ ምድጃ አጥፉ፤ ከሚዛኑ ጠረጴዛ ሥር ከሆነ ደግሞ አውጡት። ከሥር የሚወጣ ሙቅ አየር የሚዛኑን መከለያ እየመታ ንባቡን ያዋዥቀዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሴንትሪፊዩጅ አይሠራ።

## ደረጃ 3፦ አጽዱ፣ ውሃ ልኩን እዩ

ሳህኑንና ሥሩን በብሩሽ ጥረጉ። የደረቀ ነጠብጣብ ካለ ጨርቁን በኢታኖል አርጥባችሁ ጥረጉና ደርቆ ትነቱ እስኪወጣ ጠብቁ። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ አትፈትጉት፤ በበጋ ደረቅ አየር የተፈተገ መስታወት ኤሌክትሪክ ይይዝና ሳህኑን ይስባል።

የውሃ ልኩ አረፋ ከክቡ መሐል ይሁን። ካልሆነ የፊት እግሮቹን በማዞር መልሱት። ውሃ ልኩን ካስተካከላችሁ መዝገቡ ላይ ጻፉት። አረፋው ትናንት መሐል ከነበረና ዛሬ ከሌለ አንድ ሰው ሚዛኑን ገፍቶታል፤ ማን እንደሆነ ባታውቁም መገፋቱን እወቁ።

## ደረጃ 4፦ አንድ ጊዜ ጭናችሁ አውርዱ

ጓንት አድርጉ። 200 ግራሙን በሹካ ይዛችሁ ሳህኑ መሐል አስቀምጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ንባቡ ሲረጋ አውርዱ። ይህ ንባብ አይመዘገብም። የመጀመሪያው ጭነት ዘወትር ከቀጣዮቹ ይለያል፤ ሚዛኑን ለማንቃት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘልና «የመጀመሪያው ንባብ ብቻ ለምን ይጣመማል?» ብሎ ይጠይቃል።

## ደረጃ 5፦ ዜሮ

በሮቹን ሁሉ ዝጉ። `ZERO` ወይም `TARE` ተጫኑ። ማሳያው 0.0000 ሲል አሥር ሰከንድ ቆሙና ተመልከቱት። ከቆመ ቀጥሉ። ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ከሆነ አትቀጥሉ፤ ሚዛኑ ገና አልሞቀም ወይም ሳህኑ ላይ የሚተን ነገር አለ።

## ደረጃ 6፦ 200 ግራሙን መዝኑ

1. የጎን በሩን እጅ በሚያስገባ ያህል ብቻ ክፈቱ።
2. ክብደቱን ሳህኑ መሐል በቀስታ አስቀምጡ። እጃችሁን መከለያው ውስጥ አታቆዩ።
3. በሩን ዝጉ።
4. የመርጋት ምልክቱ እስኪታይ ጠብቁ፤ ከዚያ ሌላ አምስት ሰከንድ ጨምሩ።
5. አራቱንም አኃዝ ጻፉ። 199.9996 ካለ 199.9996 ነው፤ «200» አይባልም።
6. ክብደቱን አውርዱ፣ በሩን ዝጉ፣ ዜሮውን አንብቡ፣ እሱንም ጻፉ።

ስድስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከተወረደ በኋላ ማሳያው ከ0.0002 ባልበለጠ ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ የ200 ግራሙ ንባብ አይታመንም፤ ከደረጃ 5 ድገሙ።

## ደረጃ 7፦ 1 ግራሙን መዝኑ

እንደ ደረጃ 6 ነው። በመቆንጠጫ ያዙት፤ በእጅ አይነካም።

## ደረጃ 8፦ አስሉና ወስኑ

ልዩነት ማለት ሚዛኑ ካነበበው ላይ የሰርተፊኬቱ ዋጋ ሲቀነስ ነው። የሰርተፊኬቱ ዋጋ 200.0003 ሆኖ ሚዛኑ 199.9996 ካነበበ ልዩነቱ −0.7 ሚሊግራም ነው። የመቀነስ ምልክቱን አትጣሉ፤ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ወደ ታች የሚሄድ ልዩነት ገደብ ሳያልፍም ይናገራል።

ከማስጠንቀቂያው በታች ከሆነ ፈርሙና ሥራ ጀምሩ። በማስጠንቀቂያውና በማቆሚያው መካከል ከሆነ ከደረጃ 4 አንድ ጊዜ ድገሙ፤ ሁለቱንም ጻፉ። ሁለተኛውም እዚያው ከሆነ ሥራ መጀመር ይቻላል፣ ግን ለኃላፊው ይነገር። ከማቆሚያው ካለፈ ሚዛኑ ላይ «አትጠቀሙ» የሚል ወረቀት ለጥፉና ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ።

## ሲያልፍ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገራችሁ፤ `CAL` አይጫንም። ሁለተኛ፣ ያለፈው ንባብ አይሰረዝም።

አንድ የክረምት ጠዋት የሆነውን በዝርዝር ላስቀምጥ። ጉም ደሴን ሸፍኗል። ቴክኒሻኗ 2:30 ላይ 200 ግራሙን አስቀመጠች፤ 199.9981 አነበበ። የሰርተፊኬቱ ዋጋ 200.0003 ስለሆነ ልዩነቱ −2.2 ሚሊግራም ነው፤ ገደቡን አልፏል። ዜሮው ግን ወደ ቦታው ተመልሷል፣ 1 ግራሙም ደህና ነው። ናሙና የሚጠብቀው ባልደረባዋ «አብሽሪ፣ `CAL` በያትና እንቀጥል» አላት። እሷ ግን ንባቡን ጻፈች፣ ወረቀቱን ለጠፈች፣ ተራ በተራ ማጣራት ጀመረች።

ውሃ ልኩ? መሐል ነው። ክብደቱ? ሣጥኑ ሚዛኑ አጠገብ አድሯል፣ ላዩ ላይ የጣት አሻራ የለም። ሳህኑ ሥር? ንጹሕ ነው። መብራት? ጥበቃውን ስትጠይቅ ሌሊት ጠፍቶ 1:45 ላይ መምጣቱን ነገራት። እንግዲህ ሚዛኑ የሞቀው 45 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ክፍሉም ከወትሮው በ5 ዲግሪ ቀዝቅዟል።

ይህ ለ2 ሚሊግራም ይበቃል ወይ? ይበቃል። እንዲህ ያሉ ሚዛኖች ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ስሜታቸው በሚሊዮን ከአንድ እስከ ሁለት እጅ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። 1.5 ብንል፣ በ200 ግራም ላይ 5 ዲግሪ 1.5 ሚሊግራም ያመጣል። ሙሉ አለመሞቁ ሲጨመርበት የታየው ልዩነት አያስደንቅም።

ሳታስተካክል ጠበቀች። 3:15 ላይ ከደረጃ 4 ጀምራ ደገመች፤ 199.9996 አነበበ፣ ልዩነቱ −0.7። ከሁለቱ ንባቦች ጎን «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ንባብ ሚዛኑ ሳይሞቅ የተወሰደ ነው፤ ማስተካከያ አልተደረገም» ብላ ጽፋ ፈረመች።

2:30 ላይ `CAL` ብትጫን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሚዛኑ በቀዝቃዛ ሁኔታው ይስተካከልና 200.0003 ያነባል። ከዚያ እየሞቀ ሲሄድ ስህተቱ በተቃራኒው ይወጣና እኩለ ቀን ላይ ከ1 ሚሊግራም በላይ ያበዛል። የጠዋቱ መዝገብ ያማረ፣ የቀኑ ሥራ የተበላሸ ይሆን ነበር።

### ሌሎች ምልክቶች

ንባቡ ሳይረጋ ወዲያና ወዲህ ከዘለለ ነፋስ ወይም ንዝረት ነው። በሮቹን፣ መስኮቱን፣ ጠረጴዛውን እዩ። ከመንገድ ዳር በሆነ ክፍል ከባድ መኪና ሲያልፍ ብቻ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የሚዛኑ አይደለም፤ የጠረጴዛው ነው።

ንባቡ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከወጣ ክብደቱ ሞቋል፤ ሰው በእጁ ይዞት ነበር። የሞቀ ክብደት ዙሪያውን ያለውን አየር ወደ ላይ ያነሣና ራሱን አቅልሎ ያሳያል። አውርዳችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት።

በሩን ስትዘጉ ወይም ጓንት ያጠለቀ እጅ ሲቀርብ ንባቡ ከተለወጠ ስታቲክ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ፣ እርጥበቱ ከ40 በመቶ ሲወርድ ይበዛል። የናይሎን ልብስ ላይ የጥጥ ጋዋን ደርቡ፣ ክብደቱን ከማንሳታችሁ በፊት መሬት የተያያዘ ብረት ንኩ።

200 ግራሙ ካለፈና ከላይ የተባለው ሁሉ ደህና ከሆነ ሌላ ሰርተፊኬት ያለው ክብደት አስቀምጡ። ያኛው ልክ ከሆነ የተጎዳው ክብደቱ ነው፤ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የወደቀ ክብደት ደህና ቢመስልም ወደ ሣጥኑ አይመለስም።

## ማስተካከል ሲገባ

ምክንያት ተፈልጎ ካልተገኘ፣ ሚዛኑ ሞቆም ገደቡን ካለፈ፣ ያኔ በኃላፊው ፈቃድ `CAL` ይጫናል። የቀድሞው ንባብ አስቀድሞ ተጽፏል። ከማስተካከያው በኋላ ከደረጃ 4 እስከ 8 እንደገና ይሠራል፤ አዲሱ ንባብ ከቀድሞው ጎን ይጻፋል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ መጨረሻ ከተሳካው ማረጋገጫ ወዲህ በዚህ ሚዛን የተመዘነውን ሁሉ ዘርዝራችሁ ለኃላፊው ስጡ። 3 ሚሊግራም የሳተ ሚዛን 200 ሚሊግራም ናሙና ላይ የሚያመጣው ስህተት ከንባቡ መጨረሻ አኃዝ በታች ሊሆን ይችላል፤ ውጤት መጣል ላያስፈልግ ይችላል። ግን ይህን የሚወስነው ዝርዝሩን ያየ ሰው ነው።

ማስተካከያው ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ካስፈለገ ጥገና ጥሩ።

## ይህ ማረጋገጫ የማይነግራችሁ

200 ግራሙ ልክ ስለመጣ 20 ሚሊግራም መመዘን ይቻላል ማለት አይደለም። በሚዛኑ ሊመዘን የሚችለውን ትንሹን ክብደት የሚወስነው ሚዛኑ ያንኑ ዕቃ ደጋግሞ ሲመዝን የሚያሳየው መበታተን ነው፤ እሱ በየዕለቱ ሳይሆን ለብቻው አሥር ጊዜ በመመዘን ይፈተሻል። በአሜሪካ ፋርማኮፒያ ስሌት 0.1 ሚሊግራም የሚያነብ ሚዛን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከ82 ሚሊግራም በታች አይመዘንበትም።

## ሚዛኑ ቦታ ከተለወጠ

ከክፍል ወደ ክፍልም ቢሆን የየዕለቱ ማረጋገጫ ብቻ አይበቃም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ወይም ከወልድያ ወደ ላይ ከሆነ ደግሞ ይህን ተከተሉ፦

1. ከመነሳቱ በፊት በነበረበት ቦታ 200 ግራሙን መዝናችሁ ጻፉ።
2. አዲሱ ቦታ ላይ ውሃ ልኩን አስተካክሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ላይ ይደር።
3. ጠዋት ሳታስተካክሉ መዝኑ። ወደ ላይ ከወጣ ዝቅ፣ ወደ ታች ከወረደ ከፍ ብሎ ማንበብ አለበት። ከደሴ ኮምቦልቻ የወረደ ሚዛን አሳንሶ ካነበበ መንገድ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ባለሙያ ጥሩ።
4. አቅጣጫው ልክ ከሆነ `CAL` ተጫኑ፤ ከደረጃ 4 ጀምራችሁ አረጋግጡ።
5. ለካሊብሬሽን አስመዝግቡ። የድሮው ሰርተፊኬት የድሮው ቦታ ነው፤ አዲሱ እስኪመጣ «አትጠቀሙ» የሚለው ወረቀት ሚዛኑ ላይ ይቆይ።